የልጅ መድኃኒት የሚለካው በኪሎ ነው

ድሬዳዋ ላይ ለወላጆች በተዘጋጀ የጤና ውይይት አንድ ፋርማሲስት ያደረገው ንግግር

እንደምን አደራችሁ። ፀሐይዋ ሳትበረታ በጠዋት ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

ዛሬ ስለ ሁለት መድኃኒት ብቻ ነው የማወራው። አንደኛው ለልጅ ትኩሳት የምንሰጠው የፓራሲታሞል ሽሮፕ ነው። ሁለተኛው እርጉዝ እናት ከጤና ጣቢያ የምትወስደው አይረን፣ የብረት እንክብል ነው። እነዚህን የመረጥኩት ሁለቱም ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኙ ነው። አንዱ መድኃኒት ልጅን የሚጎዳው እኛ ራሳችን ስንሰጠው ልኩ ሲሳት ነው። ሌላው ደግሞ ልጁ ራሱ አንስቶ ሲውጠው።

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ሳቢያን ይሁን ገንደ ቆሬ፣ የትም ይሁን። ቤቱ ውስጥ ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ አለች። እናትየው የአምስት ወር እርጉዝ ናት። ማታ ልጅቷን አተኮሳት። እናት ሽሮፕ አስገዛች፣ ጠርሙሱን ከፈተች፣ የሻይ ማንኪያ አነሳች። እዚህ ጋ ቆም እንበል። ስንት ትስጣት?

ፋርማሲ መስኮት ላይ ሁሌ የምንሰማው «የዓመት ተኩል ልጅ ናት፣ ስንት ልስጣት?» የሚል ነው። ዕድሜ ለግምት ይረዳል እንጂ ልኩን አይነግረንም። እኩል ዓመት ተኩል የሆናቸው ሁለት ልጆች አንዱ 8 ኪሎ፣ ሌላው 12 ኪሎ ሊሆኑ ይችላሉ። ለአንዱ የሚበቃው ለሌላው ያንሳል ወይም ይበዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ኪሎዋን እንወቅ። የኛዋ ልጅ 10 ኪሎ ናት እንበል።

ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ልጅቷ 10 ኪሎ ከሆነች በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይበቃታል። ቀጣዩን ለመስጠት ቢያንስ አራት ሰዓት ማለፍ አለበት፤ ስድስት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ አይሰጥም። ለዚህች ልጅ የቀንና የሌሊቱ ተደምሮ ከ600 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም።

ሚዛን የለንም የምትሉ ትኖራላችሁ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? መጀመሪያ ልጃችሁን ታቅፋችሁ ውጡበት። ከዚያ ልጁን ለሰው ሰጥታችሁ ብቻችሁን ውጡ። መጀመሪያ 67፣ ቀጥሎ 57 ካለ ልጁ 10 ኪሎ ነው። እንዲህ ያለው ሚዛን ግማሽ ኪሎ ያህል ሊስት ይችላል። ለፓራሲታሞል ያ ብዙም አያሳስብም። ግን ስድስት ወር የሞላው ኪሎ ይዛችሁ እንዳትቆዩ። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። ለክትባት ወይም ለክብደት ክትትል በሄዳችሁ ቁጥር አዲሱን ጠይቁና ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

አሁን እነዚህን ሦስት ጠርሙሶች እዩልኝ። ሦስቱም ፓራሲታሞል ናቸው። ሦስቱም የልጅ ናቸው። ሦስቱም ካርቶናቸው ላይ የሚስቅ ሕፃን አለባቸው። የመጀመሪያው ላይ 120 ኤም ጂ በ5 ኤም ኤል ይላል። ሁለተኛው 250 ኤም ጂ በ5 ኤም ኤል ይላል። ሦስተኛዋ ትንሿ ጠብታ ናት፤ እሷ ላይ 100 ኤም ጂ በ1 ኤም ኤል ይላል። ኤም ጂ የሚለው ሚሊ ግራም ነው፤ የመድኃኒቱ መጠን። ኤም ኤል የሚለው ሚሊ ሊትር ነው፤ መድኃኒቱ የተበጠበጠበት ፈሳሽ። ልጅ የሚያድነውም የሚጎዳውም ኤም ጂው ነው።

እንግዲህ እናትየው ከእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ብትሰጥ ምን ይሆናል? ከመጀመሪያው 120 ሚሊ ግራም ገባ። ልክ ነው። ከሁለተኛው 250 ገባ፤ ከሚያስፈልጋት እጥፍ። ከጠብታዋ 500 ሚሊ ግራም ገባ። ይሄ የአዋቂ አንድ ሙሉ ኪኒን ማለት ነው፣ 10 ኪሎ በሆነች ልጅ ሆድ ውስጥ። ይህንኑ በቀን ሦስት ጊዜ ብትደግመው 1,500 ሚሊ ግራም ይሆናል። የቀኑ ጣሪያ 600 ነበር።

ስለዚህ ለዚህች ልጅ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው 2 ተኩል፣ ከጠብታዋ 1 ሚሊ ሊትር ከትንሽ ነው የሚሰጣት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠብታዋ ላይ ነው። ትንሽ ስለሆነች ደካማ ትመስላለች። እሷ ግን ከሁሉም የወፈረች ናት። ጠብታ የሚሠራው ጨቅላ ልጅ ብዙ ፈሳሽ መዋጥ ስለማይችል፣ በጥቂት ፈሳሽ በቂ መድኃኒት እንዲገባለት ነው። ያለፈው ወር ሽሮፕ አልቆ ሌላ ስትገዙ «ያው ፓራሲታሞል ነው» ብላችሁ በድሮው ልክ አትቀጥሉ። አዲሱን ጠርሙስ ያዙና ቁጥሩን አንብቡ። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ለሸጠላችሁ ባለሙያ ኪሎውን ንገሩትና «በስሪንጅ የቱ ድረስ ልሙላ?» በሉት። መስመሩን በእስክሪብቶ ያስምርላችሁ።

ወደ ማንኪያው እንምጣ። ከቤት ይዛችሁ ያመጣችኋቸው የሻይ ማንኪያዎች እዚህ አሉ። በስሪንጅ ውሃ እየጨመርን እንለካቸው። ይኼኛው 3 ሚሊ ሊትር ላይ ሞላ። ይኼኛው 6 ተኩል ያዘ። ሁለቱም የሻይ ማንኪያ ናቸው። መድኃኒት ቤት «አንድ የሻይ ማንኪያ» ሲባል 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የቤታችን ማንኪያ ይህን አያውቅም። የሾርባ ማንኪያ ደግሞ ወደ 15 ይጠጋል። ሌሊት በእንቅልፍ ዓይን የሾርባውን ያነሳ ሰው በአንድ ጉርሻ ሦስት እጥፍ ሰጠ ማለት ነው።

5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅ ግዙ። ዋጋው ትንሽ ነው። ገና ከላስቲኩ ስታወጡት መርፌውንም ትንሿን ክዳንም አርቃችሁ ጣሉ። ያቺ ክዳን ልጅ ጉሮሮ ላይ ትሰነቀራለች። ሽሮፑን በደንብ ናጡ። የማይናጥ ሽሮፕ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጣል። የላዩን የጠጣ ልጅ ትኩሳቱ አይወርድለትም፤ ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የወፈረው ይደርሰዋል። ከዚያ ልጁን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስሪንጁን በጉንጩ በኩል አስገቡና ቀስ እያላችሁ ግፉ። ምላስ መሃል ላይ ከተገፋ ያንቀዋል። አፍንጫ ይዞ መጋት ደግሞ ወደ ሳንባ ይወስደዋል፤ ይህን ልማድ እባካችሁ እንተወው።

ለድሬ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ የፈረንሳይ ሽሮፕ አይጠፋም። ዘመድ ይልካል፣ ሰው ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ የራሱ መስጫ አለው። መስጫው ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ሚሊ ሊትር አይደሉም፤ የልጁ ኪሎ ናቸው። 10 የሚለው ላይ ከሞላችሁት ለ10 ኪሎ ልጅ የሚሆነውን ቀዳችሁ ማለት ነው። ለራሱ ሽሮፕ ጥሩ አሠራር ነው። ነገር ግን ያንን መስጫ ለሌላ ጠርሙስ ከተጠቀማችሁበት ልኩ ሁሉ ይፋለሳል። መስጫው ከጠርሙሱ ጋር ይጣል።

ሌላው ስህተት ሁለት ሰው መስጠቱ ነው። እናት ጠዋት 2 ሰዓት ሰጥታ ወደ ሥራ ትሄዳለች። አያት 3 ሰዓት ላይ ልጁ ሲያተኩስ አይተው ይደግማሉ። ማንም አላጠፋም፤ ግን ልጁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወሰደ። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጥፉ። የሰጠ ሰው ሰዓቱን ይጻፍ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት፣ ሌሊት 8 ሰዓት። አበቃ። የጉንፋን ሽሮፕ አብራችሁ የምትሰጡ ከሆነም ጀርባውን እዩ። ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። እሱም ይቆጠራል።

ትኩሳቱ ካልወረደስ? መጠን አይጨመርም። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ያመጣውን በሽታ አያክምም። እኛ አገር ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ ከተማችን ገብቶ ስንቱን እንዳስተኛ ታስታውሳላችሁ። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ። ስለዚህ ልጁ ይመርመር። ሳይመረመር አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ ዴንጊ ከሆነ መድማቱን ያባብሱታል። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ግን ቤት ውስጥ ምንም አትሞክሩ። በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።

ፓራሲታሞል ሲበዛ የሚያጠቃው ጉበትን ነው። የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ትንሽ ሊያስመልሰው፣ ምግብ ሊዘጋው ይችላል። ወይም ምንም ላይታይበት ይችላል። ይጫወታል። ዓይኑ ቢጫ መምሰል፣ ሆዱን ማመም፣ መፍዘዝ የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻው በደንብ የሚሠራው ደግሞ መድኃኒቱ በተወሰደ በስምንት ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ልጁ እስኪታመም የጠበቀ ሰው ያ ሰዓት አለፈው።

አሁን ወደ እናትየው እንሂድ። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ አይረን ይሰጧታል። በየቀኑ አንድ። የወር ነው፤ 30 ፍሬ። ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም የተቀባ፣ ላዩ ጣፋጭ የሆነ ድቡልቡል። እስቲ ይህችን ፍሬ ከዚህች ከረሜላ ጎን አስቀምጬ ላሳያችሁ። ከዚያ ከኋላ ያላችሁት የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ትችላላችሁ? ዓመት ተኩል የሆናት ልጅማ እንዴት ትለይ? ለእናት ደም የሚተካው ይህ ነገር ለትንሽ ልጅ ከቤት መድኃኒቶች ሁሉ አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ነው።

እናትየው እንክብሏን ትራስ ሥር ታስቀምጣለች። እንዳትረሳ ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ጋደም አለች። ስትነሳ ልጅቷ አፏ ዙሪያ ቀይ ሆኗል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው መቁጠር ነው። 30 ነበር የተሰጣት። 9 ቀን ወስዳለች። 21 መቅረት ነበረበት። ስትቆጥር 13 አገኘች። 8 ጎድሏል። አንዷ ፍሬ ውስጥ 60 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ። ስምንቱ 480 ሚሊ ግራም ሆኑ። ለ10 ኪሎ ስናካፍለው በኪሎ 48 ደረሰ። በኪሎ ከ20 በላይ ከሆነ ልጅ ይመረዛል። 60 ሲደርስ ሕይወት ላይ ነው። ልብ በሉ፣ 60 ለመድረስ ለዚህች ልጅ የሚያስፈልጋት 10 ፍሬ ብቻ ነው። አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ፓኬቱ ላይ 200 ሚሊ ግራም የሚል ብታዩ የብረቱና አብሮት የተዋሃደው ጨው ድምር ነው፤ ብረቱ ብቻውን ያው 60 ገደማ ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሚያታልል ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ልጅቷ ታስመልሳለች፣ ያስቀምጣታል፣ ደም ወይም ጥቁር ነገር ሊኖረው ይችላል። ብረቱ አንጀቷን እያቃጠለ ነው። ከዚያ ይሻላታል። ትውከቱ ይቆማል፣ ትተኛለች። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ወጣላት» ይላል። እውነቱ ግን ብረቱ ወደ ደም ገብቶ ልብና ጉበት ጋ እየደረሰ ነው። ከቀኑ ማብቂያ ጀምሮ በድንገት ልትወድቅ ትችላለች። ስለዚህ የተሻላት ልጅ ወደ ቤት የምትመለሰው ሐኪም ካለ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጅ መድኃኒት ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ አፉ ውስጥ የቀረውን በጣታችሁ አውጡ። እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ጨውና ውሃ፣ እንቁላል፣ ዘይት፣ ወተት አትስጡ። ወተት መርዝ ያወጣል የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ የሚያባክነው ጊዜ ነው። የቀረውን መድኃኒት ከነፓኬቱ ያዙ፤ ምን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት የሚለውን የሚነግረው እሱ ነው። ባጃጅ ጠርታችሁ በቀጥታ ሆስፒታል። ድል ጮራ ቢቀርባችሁ ድል ጮራ፣ ሳቢያን ቢቀርባችሁ ሳቢያን። ደህና ቢመስልም ሂዱ።

ታዲያ የት እናስቀምጠው? ሁሌ «ከፍ ያለ ቦታ» ይባላል። ድሬ ላይ ይህ ምክር ብቻውን አይበቃም። ከፍ ያለው ቦታ ቆርቆሮው ሥር ነው፤ እዚያ ደግሞ መድኃኒት ይቀቀላል። አብዛኛው ጠርሙስ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ሙቀት ፈርተን ፍሪጅ በር ላይ እናደርገዋለን። የፍሪጅ በር ግን የልጅ ቁመት ነው፤ ጁስ የሚፈልግበትም ቦታ እሱ ነው። እኔ የምለው ይህን ነው። ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን አግኙ፤ የቆየ የብረት ሳጥንም ይሆናል። ምግብ ማብሰያው በሌለበት ክፍል፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ በአዋቂ ዓይን ቁመት ስቀሉት። ከሥሩ ወንበርም አልጋም አይኑር፤ የሁለት ዓመት ልጅ ወንበር ጎትቶ ይወጣል። ቁልፉን ለብቻው አንጠልጥሉ። ፍሪጅ የግድ የሚፈልግ መድኃኒት ካለ ክዳን ባለው ዕቃ ከትታችሁ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት።

ተጭኖ የሚዞረው ክዳን ልጅን ያዘገየዋል፣ አያቆመውም። እንግዳ ሲመጣ ቦርሳውን ወለል ላይ እንዳያስቀምጥ ተቀበሉት፤ የአያት የደም ግፊትና የስኳር ኪኒን የሚገኘው እዚያ ነው። ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት ግቢ ፍራሽ ዘርግታችሁ የምታድሩ፣ መድኃኒቱን አብራችሁ አታውጡ። መድኃኒትን «ከረሜላ ነው» ብሎ መስጠትም ይቅር። ልጁ አምኖን በሌላ ቀን ራሱ ይፈልገዋል።

ጥያቄዎች ተነስተው ነበር፤ ሦስቱን ልመልስ።

አንዲት እናት «ልጄ፣ እኛ እኮ የአዋቂውን ኪኒን ግማሽ ፈጭተን ነበር የምንሰጠው» አሉኝ። እማማ፣ ግማሹ 250 ሚሊ ግራም ነው። ለ20 ኪሎ ልጅ ይሆናል። ለዚህች ለ10 ኪሎዋ እጥፍ ይሆንባታል። ሩቡ በሒሳብ ይደርሳል፤ ግን በእጅ የተሰበረ ኪኒን እኩል አይወጣም። ሽሮፕ እያለ ባይሞክሩት ይሻላል።

አንድ አባት ደግሞ «ሰጥቼው ወዲያው ቢያስመልሰውስ?» አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰው ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ መድኃኒቱ ገብቷል፤ ቀጣዩን ሰዓት ጠብቅ። የደገምከውንም ካስመለሰው ሦስተኛ አትስጠው፤ ጤና ጣቢያ ውሰደው።

የመጨረሻው ስለ ተረፈ መድኃኒት ነው። በውሃ የሚበጠበጥ አንቲባዮቲክ፣ ለምሳሌ አሞክሳሲሊን፣ ከተበጠበጠ በኋላ ከሰባት ቀን በላይ አታቆዩት። ለታናሹ ወንድም አይተላለፍም። ወደ ገዛችሁበት ፋርማሲ መልሱት። ግቢ ቆሻሻ ላይ አትጣሉት፤ ልጆች የሚቆፍሩት እዚያ ነው።